ቀጭን መስመር ላይ ጌም መጫወት፦ ፒንጉን የሚያዘልለው ሰልፉ ነው

ጌም ሲቆራረጥ መጀመሪያ የሚወቀሰው የኢንተርኔቱ ፍጥነት ነው። ወቀሳው ግን ብዙ ጊዜ ዒላማውን ይስታል። እንደ ፐብጂ ሞባይል ወይም ዶታ ያለ ጌም በውጊያ መሀል የሚልከውና የሚቀበለው መረጃ ትንሽ ነው፤ ግማሽ ሜጋቢት በሰከንድ ለአብዛኞቹ ይበቃል። ጌሙ የሚፈልገው ያቺ ትንሽ መረጃ ሳትዘገይና ሳትጠፋ፣ በእኩል ምት እንድትደርስለት ነው። ስለዚህ በ2 ሜጋ መስመር ደህና አድርጎ መጫወት ይቻላል፤ በ20 ሜጋ መስመርም መበሳጨት ይቻላል።

ልዩነቱን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጥረው ሞደሙ ውስጥ የሚሠራ ሰልፍ ነው። ዳቦ ቤት አንድ ዳቦ ልትገዙ ሄዳችሁ፣ ከፊታችሁ ለሠርግ 300 ዳቦ ያዘዘ ሰው ቆሟል እንበል። ሻጩ ሰነፍ አይደለም፤ እጁ ፈጣን ነው። እናንተ ግን የሰውዬው ጆንያ እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። የጌማችሁ ፓኬት፣ ማለትም ያቺ ትንሽ የመረጃ ቁራጭ፣ አንድ ዳቦ ፈላጊው ነው፤ ለሠርግ የሚገዛው ደግሞ በዚያው ሰዓት ፎቶዎቹን ወደ ጉግል ፎቶስ የሚሰቅል ስልክ ነው።

በቁጥር እንየው። ለምሳሌ የሚሆነን ቤት በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት አለው፤ ሲለካ ዳውንሎዱ 4 ሜጋቢት፣ አፕሎዱ 1 ሜጋቢት ነው። ሞደሙ ወረፋ የሚጠብቁ ፓኬቶችን የሚያቆይበት 256 ኪሎባይት ቦታ አለው እንበል። 256 ኪሎባይት ማለት ወደ 2,000 ኪሎቢት ነው፤ በ1 ሜጋቢት መስመር ያ ሰልፍ እስኪያልቅ 2 ሰከንድ ይፈጃል። ፒንጉ፣ ማለትም ፓኬቱ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ የሚወስድበት ጊዜ፣ 140 ሚሊሰከንድ የነበረ ተጫዋች በድንገት ከ2,000 በላይ ያያል ማለት ነው። እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት የሆኑ 20 ፎቶዎች በዚህ መስመር ለመሄድ ወደ 11 ደቂቃ ይወስዳሉ። «ጌሙ ለአሥር ደቂቃ ሞቶ ራሱ ነቃ» የሚባለው ተአምር ይኸው ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ለካ አድርጉ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ `cmd` ከፍታችሁ `ipconfig` ብላችሁ ጻፉ። `Default Gateway` በሚለው መስመር ያለው ቁጥር የራውተራችሁ አድራሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ይሆናል። ከዚያ ሁለት መስኮት ጎን ለጎን ክፈቱና በአንደኛው የመጀመሪያውን፣ በሌላኛው ሁለተኛውን ትእዛዝ አስኪዱ፤ የራውተራችሁ አድራሻ ሌላ ከሆነ በ192.168.1.1 ፈንታ እሱን ጻፉ፦

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ከእናንተ እስከ ራውተሩ ያለውን መንገድ ብቻ ይለካል። ሁለተኛው ከቤት ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ደርሶ ይመለሳል። ሁለቱም እየሄዱ ጌሙን ተጫወቱ፤ ሲቆራረጥባችሁ ወደ መስኮቶቹ ተመልከቱ። ለማቆም `Ctrl+C` ይጫናል፤ ያኔ ስንት ፓኬት እንደጠፋ በመቶኛ ይነግራችኋል። በስልክ የምትጫወቱ ከሆነ ፒንግ የሚለካ ማንኛውም አፕ ይህንኑ ይሠራል።

የመጀመሪያው መስኮት ጤነኛ ሲሆን 1፣ 2፣ 3 ሚሊሰከንድ እያለ ይቀጥላል። እዚህ ላይ 80፣ 200፣ `Request timed out` ካያችሁ ችግሩ ዋይፋያችሁ ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል አያስፈልግም። የመጀመሪያው ጸጥ ብሎ ሁለተኛው ብቻ የሚዘልል ከሆነ ቀጣዩን ሙከራ አድርጉ፦ በቤቱ ያሉትን ስልኮች፣ ቴሌቪዥንና ሌሎች ኮምፒውተሮች በሙሉ ለአምስት ደቂቃ ከዋይፋይ አውጡ። ፒንጉ ከተረጋጋ ችግሩ ሰልፉ ነው፤ ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚረዳችሁም እዚያ ላይ ነው። ቤቱ ሁሉ ተዘግቶም የሚዘልል ከሆነ መስመሩ ራሱ ወይም የሰፈሩ ማማ ተጨናንቋል። ሁለቱም መስኮቶች ጸጥ ብለው ጌሙ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ወይ የመረጣችሁት ሰርቨር ነው፣ ወይም ኮምፒውተሩና ስልኩ ምስሉን ማውጣት አቅቷቸዋል። ይህን የኋለኛውን ብዙ ሰው ላግ ይለዋል፤ የጌሙን ግራፊክስ ዝቅ ስታደርጉ የሚሻሻል ከሆነ ኢንተርኔቱን ተዉት።

ልኬቱን ቀንም ማታም አድርጉት። ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም ሰው ቤቱ ስለሚሆን፣ ጠዋት ያገኛችሁት ቁጥር ለማታ አይሠራም።

ዋይፋዩ

እዚህ ላይ ረጅም ነገር አያስፈልግም፤ ኬብል ዘርጉ። ካት 5ኢ የሚባለው ተራ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሠራል፤ ከሳሎን እስከ መኝታ ቤት 15 ሜትር ይበቃል። ሞደም ላይ ሲሰካ የመጀመሪያው መስኮት ወዲያው 1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ላይ ይቀመጣል።

ኬብል የማይሆን ከሆነ፣ ወይም የምትጫወቱት በስልክ ከሆነ፣ ራውተሩ 5 ጊጋኸርዝ ካለው በእሱ ግቡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ጊጋኸርዙ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ የሚጋፋበት ነው። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ሲበዛበት ይደክማል፤ ስለዚህ ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ወይም ከአንድ ግድግዳ ያልበለጠ ርቀት ላይ ሁኑ። ያላችሁ 2.4 ብቻ ከሆነ በራውተሩ ገጽ ላይ ቻናሉን ከ`Auto` አውጥታችሁ 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉት፤ እርስ በርስ የማይነካኩት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሦስቱንም ማታ ማታ ሞክራችሁ የመጀመሪያው መስኮት የሚረጋጋበትን ያዙ። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከፍሪጅ አናትና ከብረት ቁም ሣጥን አርቁት።

አንድ ምልክት ልብ በሉ፦ ፒንጉ ልክ እንደ ሰዓት በእኩል ልዩነት፣ ለምሳሌ በየአንድ ደቂቃው፣ አንዴ ዘልሎ የሚመለስ ከሆነ መሣሪያው ሌላ ዋይፋይ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። በስልክ ላይ ሎኬሽንን ማጥፋት ይህን ሊያስቆመው ይችላል።

ሰልፉን ከሞደሙ መንጠቅ

አሁን ወደ ምሳሌው ቤት እንመለስ። ፈጣን ፓኬጅ መግዛት ሰልፉን አያጠፋውም፤ ሰልፉ ቶሎ እንዲያልፍ ብቻ ያደርጋል። የሚያጠፋው በሠርጉ ሰውዬ ፊት ብልህ ሻጭ ማቆም ነው፤ አንድ ዳቦ ለሚፈልገው ቶሎ ሰጥቶ፣ 300 ላዘዘው ደግሞ በየመሀሉ የሚያስተናግድ። ይህን የሚያደርጉ ስልቶች ራውተር ውስጥ አሉ፤ ዛሬ ለቀጭን መስመር ምርጡ `cake` የሚባለው ነው። ከእሱ ቀደም ብሎ የመጣው `fq_codel` ም ጥሩ ነው።

ግን አንድ ሁኔታ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ብልሁ ሻጭ የሚሠራው ሰልፉ እሱ ፊት ከተሠራ ብቻ ነው። ራውተራችሁ መረጃውን በሙሉ ኃይል ወደ ሞደሙ ከገፋው ሰልፉ ሞደሙ ውስጥ ይሠራል፤ ሞደሙ ደግሞ ማንንም ከማንም አይለይም። ስለዚህ ራውተሩን ከመስመሩ እውነተኛ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጎ መገደብ የግድ ነው። ጥቂት ፍጥነት ትከፍላላችሁ፤ በምትኩ መረጋጋት ትገዛላችሁ።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ባለበት፣ ፍጥነቱን ሦስት ጊዜ ለኩ። ከሦስቱ ዝቅተኛውን ያዙ እንጂ ትልቁን አትውሰዱ። ጥቅላችሁ በሜጋባይት የሚቆጠር ከሆነ ልኬቱ ራሱ ጥቂት እንደሚበላ አስታውሱ። ከዚያ 15 በመቶ ቀንሱ። በምሳሌው ቤት ዳውንሎድ 4,000 ኪሎቢት የነበረው 3,400 ይሆናል፤ አፕሎድ 1,000 የነበረው 850 ይሆናል።

ማይክሮቲክ ራውተር ላላችሁ፣ ሲስተሙ ሥሪት 7 ከሆነ፣ ሦስት መስመር ይበቃል፦

```
/queue type add name=cake-game kind=cake
/queue simple add name=bet target=192.168.88.0/24 max-limit=850k/3400k queue=cake-game/cake-game
/ip firewall filter disable [find action=fasttrack-connection]
```

በ`max-limit` ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው አፕሎዱ ነው፤ ገልብጣችሁ ከጻፋችሁት ዳውንሎዳችሁ 850 ላይ ይታነቅና «ይህ ነገር ኢንተርኔቴን ገደለው» ትላላችሁ። `target` ላይ የቤታችሁን የውስጥ አድራሻ ክልል አስገቡ። ሦስተኛው መስመር የማይዘለል ነው፦ ፋስትትራክ የሚባለው ነገር ፓኬቶችን በአቋራጭ ስለሚያሳልፍ ሰልፉን አያዩትም፤ እሱ ክፍት ከሆነ ሁሉም ነገር በትክክል ተጽፎ ምንም ለውጥ አይመጣም።

`OpenWrt` የተጫነበት ራውተር ካላችሁ `luci-app-sqm` የሚባለውን ጫኑ። `Network` ውስጥ `SQM QoS` የሚል ገጽ ይመጣል። ወደ ውጭ የሚወጣውን በር ማለትም `wan` ምረጡ፣ ለዳውንሎድ 3400፣ ለአፕሎድ 850 አስገቡ፣ `Queue Discipline` በሚለው ሥር `cake` እና `piece_of_cake.qos` አድርጉ፣ አስጀምሩት።

ከሞደሙ ሌላ ራውተር የሌላችሁ፣ ሞደሙም እንዲህ ያለ ነገር የማያውቅ ከሆነ፣ ሁለት መንገድ አለ። አንዳንድ ርካሽ ራውተሮች፣ ለምሳሌ ብዙ የቲፒ ሊንክ ሞዴሎች፣ `Bandwidth Control` የሚል ገጽ አላቸው። እሱ ብልህ ሻጭ አይደለም፤ ግን ለሠርጉ ሰውዬ ጣሪያ ይሰጠዋል። ለቤቱ ስልኮች አድራሻ አፕሎዱን በድምር 600 ኪሎቢት ላይ ብትገድቡት ለጌማችሁ የሚተርፍ ቦታ ሁልጊዜ ይኖራል።

ያም ከሌለ ሥራው በየመሣሪያው ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። ከዳውንሎድ ይልቅ አፕሎድ ላይ አተኩሩ፤ ጠባቡ በር እሱ ነው። በየስልኩ የጉግል ፎቶስን ባክአፕ አጥፉ ወይም ለሌሊት አስቀሩት። ቴሌግራም ላይ በ`Data and Storage` ውስጥ ቪዲዮ በራሱ ዳውንሎድ እንዳያደርግ አድርጉ። ዊንዶውስ ላይ `Delivery Optimization` የሚባለውን ዝጉ፤ ይህ ኮምፒውተራችሁ ያወረደውን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል የሚፈቅድ ነው፤ ቀጭን አፕሎድ ላለው ሰው ንጹሕ ኪሳራ ነው። እዚያው የዋይፋዩን ወይም የኬብሉን ግንኙነት `Metered connection` ብትሉት አብዛኛው አፕዴት ከጀርባ መሳቡን ያቆማል። ስቲም ላይ ደግሞ በ`Downloads` ገጽ ጌም እየተጫወታችሁ ዳውንሎድ እንዳይፈቅድ አድርጉ።

መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? ሁለተኛውን መስኮት `ping -t 8.8.8.8` ከፍታችሁ ከስልክ ትልቅ ቪዲዮ በቴሌግራም ላኩ። ሳይገደብ 140 የነበረው 2,000 ይደርስ ነበር፤ ከተገደበ በኋላ ከ150 እስከ 170 አካባቢ መዋዠቅ ነው ያለበት። ሙሉ በሙሉ የማይቀመጥበት ምክንያት አለው፦ አንድ ሙሉ ፓኬት 1,500 ባይት ነው፤ በ850 ኪሎቢት ለማለፍ 14 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የጌማችሁ ፓኬት የደረሰችው የቪዲዮው ፓኬት መውጣት ከጀመረ በኋላ ከሆነ ያችን ያህል ትጠብቃለች፤ በሩ ላይ ያለውን ሰው ጎትቶ ማስወጣት አይቻልም። ፒንጉ አሁንም 400 እና 600 የሚደርስ ከሆነ ገደቡ ገና ከመስመሩ በላይ ነው ማለት ነው፤ 850ውን ወደ 750 አውርዱና እንደገና ሞክሩ።

ኢንተርኔታችሁ በሲም ካርድ ከሆነ

በ4ጂ ላይ ያለው ችግር መስመሩ ራሱ ስፋቱን የሚለዋውጥ መሆኑ ነው፤ ጠዋት 15 ሜጋ የነበረው ማታ 2 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገደቡን በማታው ቁጥር አስሉት፤ የቀኑን ፍጥነት ትሠዋላችሁ፤ ወይም ስትጫወቱ ብቻ አብሩት።

የ4ጂ ራውተር ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር ፈልጉ። `RSRP` የምልክቱ ጉልበት ነው፤ -90 አካባቢ ጥሩ፣ ከ-110 በታች ደካማ ነው። `SINR` ምልክቱ ከጫጫታው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይነግራል፤ ከ13 በላይ ሲሆን ጥሩ፣ ወደ 0 ሲጠጋ ፓኬት መጥፋት ይጀምራል። ለጌም ከሁለቱ `SINR` ይበልጣል። ራውተሩን ከመስኮት ወደ መስኮት አዙሩና በየቦታው ሁለት ደቂቃ ቆይታችሁ አንብቡ፤ አንድ ክፍል ውስጥ እንኳ ልዩነቱ ሊያስገርም ይችላል። የምልክቱ ዘንጎች ሙሉ ሆነው `SINR` ዝቅ ያለበት ቦታ አለ፤ ዘንጉን አትመኑ።

ራውተሩ ወይም ስልኩ በ3ጂ እና በ4ጂ መሀል የሚመላለስ ከሆነ በእያንዳንዱ ዝላይ ጌሙ ለጥቂት ሰከንድ ይቆማል። 4ጂው ቢደክምም ካልጠፋ `4G only` ላይ ቆልፉት። በስልክ ዳታ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ጥሪ ሲገባ ብዙ ስልኮች ለጥሪው ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ ይወርዳሉ፤ ዳታውም አብሮ ይወርዳል። ለዚህ የሚሻለው የጌሙ ሲም ሰው የማይደውልበት መሆኑ ነው።

ርቀቱን የሚያሸንፍ ሴቲንግ የለም

ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎሜትር ይጓዛል። እያንዳንዱ 1,000 ኪሎሜትር ደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ዱባይ በቀጥታ 2,500 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከ25 በታች ፒንግ በተፈጥሮ አይገኝም። ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ ከ50 በታች አይወርድም። ኢትዮጵያ የራሷ ባሕር ስለሌላት መስመሩ በጎረቤት አገሮች በኩል ወደ ባሕር ኬብል ይወጣል፤ ኬብሉም በቀጥታ አይሄድም፤ እውነተኛው ቁጥር ሁልጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

በካርታ የቀረበው ሰርቨርም ሁልጊዜ በኬብል የቀረበ አይደለም። ወደ ገልፍ የሚሄደው ፓኬት አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ አውሮፓ ደርሶ ይመለሳል። ስለዚህ ዶታ ላይም ሆነ ሌላ ጌም ላይ ዱባይንም አውሮፓንም ማታ ሞክራችሁ ምረጡ። ስትመርጡ ዝቅተኛውን ሳይሆን የማይናወጠውን ያዙ፤ 160 ላይ ተተክሎ የሚቆይ ሰርቨር ከ95 ወደ 300 ከሚዘልል ይሻላል። እጅ 160ን ይለምዳል፤ ዝላይን ግን አይለምድም።

ካውንተር ስትራይክ 2 የሚጫወት ሰው በጌሙ ሴቲንግ ውስጥ የጠፋና የዘገየ ፓኬትን ለማለስለስ የሚያገለግል ምርጫ ያገኛል። ሁለት ፓኬት ላይ ብታደርጉት ወደ 31 ሚሊሰከንድ ይጨምርባችኋል፤ መስመራችሁ ከመቶ 1 ወይም 2 ፓኬት የሚጥል ከሆነ ግን ዋጋው ያዋጣል።

ፒንግ እንቀንሳለን የሚሉ አፖች ላይ ጊዜ አታጥፉ። ራም ማጽዳት ፓኬትን አያፈጥንም። ዲኤንኤስ መቀየር ጌሙ ሰርቨሩን ሲፈልግ ብቻ ይነካዋል፤ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ሚና የለውም። ቪፒኤን በአንድ ሁኔታ ብቻ ሊረዳ ይችላል፦ ከአገር ከወጣ በኋላ ያለው መንገድ ጠማማ ሆኖ የቪፒኤኑ ቀና ከሆነ። ዋይፋዩን፣ ሰልፉንና የሽቦውን ጉዳት ግን አይነካም፤ እሱም በእነሱው ውስጥ አልፎ ነው የሚሄደው።

መስመሩ ራሱ ታሞ ከሆነ

ቤቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ በኬብል ተሰክታችሁ፣ ፓኬት የሚጠፋ ከሆነ ቁጥሩን በደንብ ያዙ፦

```
ping -n 200 8.8.8.8
```

ከ200 አንድ ቢጠፋ ምንም አይደለም። ከ1 በመቶ በላይ ሲሆን በጨዋታ ይታያል፤ ከ3 በመቶ በላይ ሲሆን የተኮሳችሁት ጥይት መንገድ ላይ ይቀራል። በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት ላይ የሞደሙን ገጽ ክፈቱና ምልክቱ ከጫጫታው በላይ ምን ያህል ትርፍ እንዳለው የሚያሳየውን `SNR Margin` ተመልከቱ፤ ከ6 በታች ከሆነ መስመሩ የሚንጠለጠል ነው። ከዚያ በፊት ራሳችሁ የምትፈትሹት አለ፦ ቤት ውስጥ ያለውን ማራዘሚያ ሁሉ ነቅላችሁ ሞደሙን ሽቦው ወደ ቤት ከሚገባበት የመጀመሪያ ሶኬት ላይ አጭር ሽቦ ተጠቅማችሁ ሰኩት። ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ የቤታችሁ ሽቦ ነው። ካልተለወጠ፣ በተለይ ዝናብ ሲዘንብ የሚብስ ከሆነ፣ ውጭ የተቀጠለበት ቦታ ውኃ ገብቶታል፤ ያን የሚጠግነው ባለሙያ ነው። ስትደውሉ «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» አትበሉ። የ200ውን ፒንግ ውጤት፣ የ`SNR`ኑን ቁጥርና የለካችሁበትን ሰዓት ንገሯቸው፤ ቀኑም ማታውም ለየብቻ ተጽፎ።